ደወሉ ሲጮህ፣ መብራቱ ሲጠፋ፦ ስለ ፍሬዛል ቨርብ ለተሰራጨው ምክር የተሰጠ ምላሽ

«ለእያንዳንዱ ፍሬዛል ቨርብ አንድ የአማርኛ ፍቺ ያዙ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ፍቺ ማጥናት ያደናግራል። ፍቺውን ካላወቃችሁት ከግሱ በኋላ የምትመጣውን ትንሽ ቃል ተመልከቱ፤ ‹አፕ› ማለቅን፣ ‹ኦፍ› መቋረጥን፣ ‹ዳውን› መቀነስን ትነግራችኋለች። በፈተና ላይ ሰዓት እንዳያልቅባችሁ ዐረፍተ ነገሩን ሁሉ አታንብቡ፤ የተሰመረበትን ግስ አይታችሁ በቀጥታ ወደ አማራጮቹ ሂዱ። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ አማራጮቹን በተራ በግሱ ቦታ አስገቡ፤ ዐረፍተ ነገሩ ሳይሰበር የሚያልፈው መልሱ ነው።»

ይህ ስለ እንግሊዝኛ ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም ግስ ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ የራሱን ፍቺ ስለሚያገኝበት ሐረግ፣ የተሰጠ ምክር ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ተብሎ ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ከተማሪዎቼ ነው የደረሰኝ፤ «መምህር፣ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ አብሮት ነበር። ጸሐፊው ተማሪ ለመርዳት ብሎ እንደጻፈው አልጠራጠርም፤ አንዳንዱ ነጥብም ትክክል ነው። ነገር ግን አራቱም ምክሮች የቆሙት በአንድ የተሳሳተ መሠረት ላይ ነው፤ የግሱ ፍቺ በግሱ ውስጥ ተቀብሮ የሚገኝ ይመስላቸዋል። ፍሬዛል ቨርብ ግን ፍቺውን የሚያገኘው ከጎረቤቶቹ ነው፤ ማን አደረገው፣ በምን ላይ አደረገው፣ ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ ከሚለው። ለአንባቢ እንዲመች በዚህ ጽሑፍ ዐረፍተ ነገሮቹን በአማርኛ አስቀምጬ የሚጠየቀውን ግስ ብቻ በእንግሊዝኛ አጠራሩ እተወዋለሁ።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። አንድም ፍቺ ከማያውቅ ተማሪ አንድ ፍቺ የሚያውቅ ይሻላል፤ በዚህ እስማማለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመውን ፍቺ ማስቀደምም ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው ተማሪው በአንዱ ላይ በሩን ሲዘጋ ነው። ይህን ለመረዳት እንግሊዝኛ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ የራሳችንን «በላ» እንውሰድ። ልጁ እንጀራ በላ። ሹሙ ጉቦ በላ። ጀርባዬን በላኝ። በመጀመሪያው ምግብ አለ፣ በሁለተኛው ወንጀል አለ፣ በሦስተኛው ማሳከክ እንጂ የሚበላም የሚበላውም የለም። ከአማርኛ ተናጋሪ ወገን ጀርባው በእርግጥ የተበላበት ሰው አለ ብሎ የሚደነግጥ የለም፤ ጆሯችን ግሱን ከተሳቢው ጋር አንድ ላይ ስለሚሰማ ነው። አማርኛ ለሚማር የውጭ ሰው «በላ ማለት ምግብ ዋጠ ማለት ነው፤ ሌላውን ተወው» ብንለው ግን በሁለተኛው ቀን ገበያ መሃል ግራ ይጋባል።

አሁን «ቴክ ኦፍ»ን እንመልከት። በአብዛኛው የጥናት ወረቀት ላይ አጠገቡ የሚጻፈው «ማውለቅ» ወይም «ማንሳት» ነው። ኮቱን «ቱክ ኦፍ» ሲል በእርግጥም አወለቀ ነው፤ የሚወልቅ ተሳቢ አለና። አውሮፕላኑ «ቱክ ኦፍ» ሲል ግን ተሳቢ የለም፤ አውሮፕላኑ ራሱ ከመሬት ተነሣ። ሦስተኛ ፍቺም አለ፤ የአንድ ሰው ንግድ «ቱክ ኦፍ» ከተባለ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደራ፣ ገነነ ማለት ነው። በዚህም ተሳቢ የለም፤ ከአውሮፕላኑ የሚለየው ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ተማሪው ሁለት ነገር ብቻ ቢጠይቅ፣ ማለትም ተሳቢ አለ ወይ፣ ከሌለ ባለቤቱ ማነው ብሎ ቢጠይቅ፣ ሦስቱን ለይቶ ያወጣቸዋል።

አንድ ተማሪዬ የሠራውን ስሕተት ልንገራችሁ፤ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እሱ ነው። ጥያቄው እንዲህ ነበር፦ «መንገዱ ከተሠራ በኋላ የእናትዬዋ ትንሽ ዳቦ ቤት ‹ቱክ ኦፍ›፤ ሦስት ተጨማሪ ሠራተኞች መቅጠር ነበረባት።» አማራጮቹ «ከቦታው ተነሣ»፣ «ደራ»፣ «ወደ ሰማይ ወጣ» እና «ዋጋ ቀነሰ» የሚሉ ነበሩ። ልጁ «ከቦታው ተነሣ» የሚለውን መረጠ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው መልሱ በጣም ግልጽ ነበር፤ በወረቀቱ ላይ «ቴክ ኦፍ» ማለት «ማንሳት» ነው፣ መንገድ ሲሠራ ደግሞ ቤት ይነሣል፤ የጎረቤቶቹም ቤት ለመንገድ ተነሥቷል። አስተሳሰቡ ሰነፍ አልነበረም። የተሸወደው በአንዷ የአማርኛ ፍቺ ነው፤ «ተነሣ» የምትለው ቃል ራሷ በአማርኛ ብዙ ትርጉም ስላላት ከአውሮፕላን ወደ ፈራሽ ቤት ይዛው ሄደች። የነጠላ ፍቺ አደጋ እዚህ ላይ እጥፍ ይሆናል፤ የእንግሊዝኛውን ሌሎች ፍቺዎች ይደብቃል፣ በምትኩ የእንግሊዝኛው ግስ የሌለውን የአማርኛ ፍቺ ያስገባል።

የሁለተኛው ነጥብ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚማርክ ነው፤ ስለዚህም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጸሐፊው እዚህ ከፊል እውነት ይዟል። «ድሪንክ አፕ» ጠጥቶ መጨረስ ነው፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ መጨረስ ነው፤ «አፕ» በሁለቱም መጠናቀቅን ታመለክታለች። «ስሎው ዳውን» ፍጥነት መቀነስ ነው፣ «ካልም ዳውን» ቁጣ ማብረድ ነው። ተማሪ ይህን ዝንባሌ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ዝንባሌን ሕግ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። «ጎ ኦፍ»ን እንመርምር። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የማንቂያው ደወል «ዌንት ኦፍ»፤ በዚያው ቅጽበት የቤቱ መብራት «ዌንት ኦፍ»። ደወሉ ምን ሆነ? ጮኸ፣ ጀመረ። መብራቱስ? ጠፋ፣ አቆመ። ግሱ አንድ ነው፣ ትንሿም ቃል አንድ ናት፣ ጊዜውም አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። «ኦፍ መቋረጥ ናት» ብሎ የያዘ ተማሪ ደወሉ ዝም አለ ብሎ ይመርጣል፤ የተኛውም ሰው ለምን እንደነቃ ሊገባው አይችልም። ቦምብ «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ፈነዳ ነው። ወተት «ዌንት ኦፍ» ከተባለ ተበላሸ ነው። እነዚህን አራቱን የሚለያቸው ባለቤቱ ብቻ ነው፤ ደወል፣ መብራት፣ ቦምብ፣ ወተት።

በተቃራኒው ደግሞ ትንሿ ቃል ተለውጣ ፍቺው ባለበት የሚቆምበት ጊዜ አለ። ቅጽ መሙላትን «ፊል ኢን» ማለትም «ፊል አውት» ማለትም ይቻላል። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ «አውት» ወደ ውጭ ነው ብሎ የተማረ ልጅ ሁለቱ አንድ ሊሆኑ አይችሉም ብሎ ይከራከራል፤ ባንክ ቤት ገብቶ የሚሞላው ቅጽ ግን ያው ቅጽ ነው።

ይህም ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። አማርኛ «ዝም አለ»፣ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ» ይላል። «አለ» ብቻውን ሲቆም መናገር ነው፤ «ዝም አለ» ውስጥ ግን የተነገረ ነገር የለም፣ እንዲያውም ንግግር የቀረበት ነው። የቃሉን ቁራጮች እየመነዘርን ደምረን ብንተረጉመው ተቃራኒው ይወጣል። ፍሬዛል ቨርብም እንደዚያው በጥቅሉ የሚሰማ ነገር ነው።

ስለ ሰዓት የተነገረውን አልንቀውም። ተፈታኝ ሰዓት ያጥረዋል፤ ረጅሙ የንባብ ክፍል ከኋላ ይጠብቀዋል። ነገር ግን የቃላት ጥያቄ ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መስመር አይበልጥም፤ ከዚያ የሚተርፈው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ መልሱ ነው። ከላይ ባየነው የዳቦ ቤት ጥያቄ መልሱ ያለው የት ነበር? ከተሰመረበት ግስ በኋላ፣ «ሦስት ተጨማሪ ሠራተኞች መቅጠር ነበረባት» በሚለው ውስጥ። የፈረሰ ዳቦ ቤት ሠራተኛ አይቀጥርም። ጥያቄ አውጪዎች ቁልፉን ከግሱ በኋላ ማስቀመጥ ያዘወትራሉ፤ እኔም ፈተና ሳወጣ የማደርገው ይህንኑ ነው። «ምክንያቱም»፣ «ነገር ግን»፣ «በኋላ ግን» በሚሉ አያያዦች ወዲያ ያለው ግማሽ ብዙ ጊዜ ከፊተኛው የበለጠ ይናገራል።

አንዳንድ ጊዜም ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አይበቃም። «ተርን ዳውን» ከሬዲዮ ጋር ድምፅ መቀነስ ነው፣ ከሥራ ግብዣ ጋር ግን አልቀበልም ማለት ነው። «እሱ ‹ተርንድ ኢት ዳውን›» ከተባለ «ኢት» ማለት ሬዲዮው ይሁን የሥራው ጥሪ የሚታወቀው ከፊተኛው ዐረፍተ ነገር ነው። ተውላጠ ስም ባዩ ቁጥር ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወክለውን ስም መፈለግ የተፈታኝ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ግሱን አይቶ ወደ አማራጮች የሚዘል ተማሪ ይህን ሥራ አይሠራውም።

ወደ አራተኛው ነጥብ እንለፍ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ አራተኛው ምክር ከሌሎቹ ይልቅ ብልህ ስለሚመስል ጠንቃቃ ተማሪዎችን ጭምር ያሳስታልና። አማራጭን በግሱ ቦታ አስገብቶ ማንበብ ጥሩ ልማድ ነው። ነገር ግን ብቻውን ግማሽ ፈተና ነው። «ቴክ ኢን» በሚለው ላይ የተሟላ ጥያቄ ላቅርብ፦

«ሽማግሌው በእንግዳው ጣፋጭ ቃላት ሙሉ በሙሉ ‹ዎዝ ቴክን ኢን›፤ ገንዘቡ መወሰዱን ያዩት ማታ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ ነበር።»

አማራጮቹ እንዲህ ይሁኑ፤ ሀ) መጠለያ አገኙ፣ ለ) ተታለሉ፣ ሐ) ተጽናኑ፣ መ) በሚገባ ተረዱ።

በጸሐፊው መንገድ እንሂድ። «በእንግዳው ጣፋጭ ቃላት ተታለሉ» ይሄዳል፣ አይሰበርም። «በእንግዳው ጣፋጭ ቃላት ተጽናኑ»ም ይሄዳል፣ እንዲያውም ከሁሉም ይልቅ የሚያምረው እሱ ነው። ሁለት አማራጭ ሳይሰበር አለፈ፤ አሁን ተማሪው በምን ይምረጥ? የሚያምረውን ቢመርጥ ተሳሳተ። «መጽናናት» በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ምቹ ቢሆንም «ቴክ ኢን» ካሉት ፍቺዎች አንዱ አይደለም። ግሱ መጽናናትን ፈጽሞ አይናገርም።

ስለዚህ አማራጭ የሚያልፍባቸው ሁለት በሮች አሉ። አንደኛው፣ ይህ በእርግጥ የግሱ ፍቺ ነው ወይ? ሁለተኛው፣ በዚህ ቦታ ይሠራል ወይ? «ሐ» ሁለተኛውን አልፎ በመጀመሪያው ይወድቃል። «ሀ» እና «መ» ተገላቢጦሽ ናቸው፤ ሁለቱም የ«ቴክ ኢን» እውነተኛ ፍቺዎች ናቸው፣ በሁለተኛው በር ላይ ግን ይወድቃሉ። መጠለያ የሚሰጥ ሰው ነው እንጂ ቃል አይደለም፤ ስለዚህ «በቃላት መጠለያ አገኙ» አይሆንም። «መ»ን የሚጥለው ደግሞ ሰዋስው ነው። በዚህ ፍቺው «ቴክ ኢን» የሚወስደው ተሳቢ የሚገባውን ነገር ነው፤ ዜና፣ ትምህርት፣ ንግግር። ሰው ዜናን ይረዳል እንጂ ሽማግሌው ራሳቸው «የተረዱ ነገር» ሆነው በተደራጊ ግስ ባለቤትነት ሊቆሙ አይችሉም። «ለ» ሁለቱንም በሮች ያልፋል፤ የተወሰደው ገንዘብም ምስክር ይሆንለታል።

ይህን ጥያቄ የምወደው ግሱን ሳንነካ ጎረቤቶቹን ብቻ ስንለውጥ መልሱ ሲሸሽ ስለምናይ ነው። «ሽማግሌው ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ በአንዲት ጎረቤት ‹ዎዝ ቴክን ኢን›» ብንል መልሱ «ሀ» ይሆናል። ልብ በሉ፤ በሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ከግሱ በኋላ የሚመጣው የእንግሊዝኛ መስተዋድድ «ባይ» ነው። መስተዋድዱ አልለየልንም፤ የለየልን ከመስተዋድዱ ቀጥሎ የመጣው ነው፣ ቃላት ወይስ ጎረቤት። «ሽማግሌው እንግዳው የተናገረውን እያንዳንዱን ቃል ‹ቱክ ኢን›» ካልን ደግሞ ሽማግሌው አድራጊ ሆኑ፣ ቃሉ ተሳቢ ሆነ፤ መልሱ ወደ «መ» ሄደ፤ በትኩረት ሰምተው ተረዱ። አንድ እርምጃ እንጨምር፤ «ልብስ ሰፊው የሱሪውን ወገብ ‹ቱክ ኢን›።» እዚህ ከአራቱ አማራጮች አንዱም አይሠራም፤ ሱሪውን አጠበበው ማለት ነው። ሽማግሌው፣ እንግዳው፣ ጎረቤቷና ልብስ ሰፊው ያው አንድ ግስ ተካፍለዋል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ሥራ ሠርቷል።

እስካሁን «ተሳቢውን እዩ፣ ባለቤቱን እዩ» እያልሁ መጣሁ። ይህም ቢሆን ወሰን አለው፤ አንዱን ሕግ ነቅዬ በሌላ ሕግ መተካት አልፈልግም። «ፑት ኦፍ» ተሳቢው ስብሰባ ወይም ሠርግ ከሆነ ማስተላለፍ ነው። ተሳቢው ሰው ከሆነ ብዙ ጊዜ ፍላጎት ማጥፋት ነው፤ የሥጋው ሽታ እንግዳውን «ፑት ኦፍ»፣ ማለትም አስጠላው። ለተማሪዎቼ ይህን ካስተማርሁ በኋላ ግን አንዷ እንዲህ የሚል ዐረፍተ ነገር አመጣችልኝ፤ «ባለዕዳው አበዳሪዎቹን እስከ ወሩ መጨረሻ ‹ፑት ኦፍ›።» ተሳቢው ሰው ነው፤ የጠፋ ፍላጎት ግን የለም። አበዳሪዎቹን በተስፋ አቆያቸው ማለት ነው። እዚህ የሚወስነው «እስከ ወሩ መጨረሻ» የሚለው የጊዜ ሐረግ ነው። ተሳቢው መጀመሪያ የሚታይ ምልክት ነው፤ የመጨረሻው ፍርድ ግን የሙሉው ዐረፍተ ነገር ነው።

በዚህ ምክንያት ተማሪዎቼ በደብተራቸው ላይ ግስና ፍቺ ብቻ እንዲጽፉ አልፈቅድም። በመሃል አንድ ዓምድ ይጨምራሉ፤ «ከማን ጋር» የሚል። «ተርን ዳውን፣ ከድምፅና ከእሳት ጋር፣ መቀነስ፤ ከግብዣና ከጥያቄ ጋር፣ አለመቀበል።» የጸሐፊው የነጠላ ፍቺ ዝርዝር ላለው ሰውም ወረቀቱን መጣል አያስፈልገውም፤ ያንን ዓምድ ይጨምርበት፣ አዲስ ጎረቤት ባጋጠመው ቁጥርም አዲስ መስመር ያስገባ። ሁለት መቶ ግስ በአንድ ፍቺ ከመያዝ ሠላሳውን ከነጎረቤቶቻቸው መያዝ እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ግን ለጸሐፊው መተው አለብኝ። ተማሪው ሁሉንም አንብቦ፣ ጎረቤቶቹን ሁሉ መርምሮ ሁለት መልስ የሚያገኝበት ጊዜ አለ፤ ያኔ ጥፋቱ የጥያቄው ነው። ከዓመታት በፊት እኔው ባወጣሁት የክፍል ፈተና ላይ «እሷ ‹ተርንድ ኢት ዳውን›፤ ባሏም ተገረመ» የሚል ጥያቄ ነበር፤ በፊቱ ምንም ዐረፍተ ነገር አልነበረም። እኔ በልቤ የሥራ ጥሪውን አስቤ «አልተቀበለችውም» የሚለውን መልስ አድርጌ ነበር። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጋውስ ቢሆን? ባሏ በዚያም ሊገረም ይችላል» አለችኝ። ጥያቄውን ደግሜ አነበብሁት፤ የሚክዳት አንድም ቃል አልነበረበትም። ለሁለቱም መልሶች ነጥብ ሰጠሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥያቄውን ደግሜ ሳወጣው ከፊቱ «ትልቁ ሆቴል ጥሩ ደመወዝ ያለው ሥራ አቀረበላት» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርሁበት።